ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስገብተሽ ደሙ አልቆም ካለሽ

ኢምፕላኖን ያስገባሁት እዚሁ ሀዋሳ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው፣ በነፃ፣ ክንዴን አደንዝዘው ወዲያው ጨረሱ። ስለሱ የማወራው የለኝም። የሚያናድደኝ ቀድመው የነገሩኝ "ፔሬድሽ ትንሽ ሊዛባ ይችላል" ብቻ መሆኑ ነው። ትንሽ! ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ ስረሳው እንደ ወር አበባ ይወርዳል፣ ከዛ ደግሞ ቡና አይነት ነገር። ቦርሳዬ ውስጥ ሞዴስ የማይጠፋ፣ ፍልሰታን ሙሉ ቅዳሴ ከውጪ ቆሜ፣ አማቴ ደግሞ "ደምሽን ጨረሰው" እያለች።

ተመልሼ ስሄድ ነርሷ ቀና ብላም አላየችኝም፣ "ይለመዳል፣ ሂጂ"። አውጪልኝ ስላት "ሦስት አመቱን ሳትጨርሺ?" ብላ ተቆጣችኝ፣ የሷ ክንድ ይመስል። ይሄ እስካሁን ያበግነኛል ምክንያቱም ክንዷ ላይ ያለባት ሴት በፈለገችው ሰአት የማስወጣት መብት አላት፣ ምክንያትም አትጠየቅም።

ሌላ ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር ግን ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ ሆድሽን ያምሻል? ሽታ ያለው ፈሳሽ አለ? ከግንኙነት በኋላ ትደሚያለሽ? የቲቢ ወይ የሚጥል በሽታ መድሀኒት ትወስጃለሽ? (አንዳንዶቹ የኢምፕላንቱን ጉልበት ይቀንሳሉ።) የእርግዝና ምርመራም አሰራችኝ፣ የአይኔን ቆብ ገልጣ ደም ማነስ አየች። ከዛ "የኔ እናት፣ ሆርሞኑ የማህፀንሽን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው ትንንሾቹ የደም ስሮች በቀላሉ ያፈሳሉ፣ መድሀኒቱ መስራት አቆመ ማለት አይደለም" አለችኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ እንደሚበረታ፣ ብዙዎች ላይ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ አንዳንዶች ላይ ግን እንደሚቀጥልም አልደበቀችኝም።

ያዘዘችልኝ ኢቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን፣ ምግብ በልቼ። ጨጓራ ያለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ይሄ መድሀኒት ጨጓራ አይምርም። ቆመልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ መልሶ መጣ። ማስታገሻ እንጂ ማዳኛ አይደለም፣ እሷም ብላኝ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በየቀኑ የሚዋጠው ጥምር የወሊድ መከላከያ ክኒን ነበር፣ ለ21 ቀን፣ ብረት የሆኑትን ቡናማዎቹን ትታችሁ። መጀመሪያ ግፊቴን ለካች፣ ጡት ማጥባት አቁሜ እንደሆነም ጠየቀች፣ ምክንያቱም ከ6 ወር በታች ልጅ ለምታጠባ፣ ግፊት ላለባት ወይም አይን ላይ ብልጭታ የሚያመጣ ማይግሬን ላለባት አይሰጥም። ስለዚህ ከጎረቤት ተበድራችሁ አትዋጡ። እኔን ይሄ ነው ያሳረፈኝ፣ ሲያልቅ ትንሽ ጠብ አለ እንጂ እንደድሮው አልሆነም።

ባለሙያዎቹ መጀመሪያ በምክር ማረጋጋት ነው ይላሉ። እኔ ግን ማረጋጋቱም መድሀኒቱም በአንድ ቀን ይሁን ባይ ነኝ፣ የምትደማ ሴት ምክር ብቻ ይዛ ወደ ቤት አትሂድ። ሞዴሱ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ካዞራችሁ ወይም በአንድ ጎን ሆዳችሁን አጥብቆ ካመማችሁ ደግሞ "ይለመዳል" የሚላችሁን ትታችሁ የዛኑ ቀን ሆስፒታል። እኔ አሁንም ክንዴ ላይ አለ፣ እንደገና ካስቸገረኝ ግን አስወጣዋለሁ፣ ማንንም አላስፈቅድም።