የቀለለው ቀለበት ለምን በለጠ?

ለእህቴ ሰርግ ሁለት አሮጌ ቀለበቶች አስረክበን አዲስ ልናሠራ ነበር። አንዱ 5 ግራም፣ ሌላው 4.4 ግራም ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም «ዋናው ከባዱ ነው» ይላል። እኔ ባሕር ዳር ወርቅ ቤት ከመሄዴ በፊት የውስጣቸውን ማኅተም በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁ። ከባዱ ላይ 750፣ ቀላሉ ላይ 875 ተመትቷል።

ካራት ወርቁን ከ24 እጅ ይቆጥራል፤ ማኅተሙ ደግሞ ከ1000። 18 ካራት ማለት 18 እጁ ወርቅ፣ የቀረው 6 እጅ ብርና መዳብን የመሰለ ድብልቅ ነው። 18ን ለ24 አካፍላችሁ በ1000 ብታባዙ 750 ይመጣል። በዚሁ መንገድ 875 ማለት 21 ካራት ነው።

እንግዲህ ንጹሑን ወርቅ እንፈልግ። 5 ግራም በ0.750 ሲባዛ 3.75 ግራም ነው። 4.4 ግራም በ0.875 ሲባዛ ግን 3.85። ቀላሉ በለጠ! ለሒሳብ እንዲመች የንጹሕ ወርቅ ግራም 10,000 ብር ነው እንበል (የዕለቱ ዋጋ ሌላ ነው)። ከባዱ 37,500፣ ቀላሉ 38,500 ብር ያወጣል።

ባለሱቁ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አንድ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል «ጋሼ፣ ለየብቻ ይመዝኑልኝ» አልኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። 9.4 ግራሙ በሙሉ በ18 ካራት ዋጋ፣ ማለትም በ7,500 ቢታሰብ 70,500 ብር ይሆናል። ለየብቻ ሲታሰብ ግን 76,000። 5,500 ብር በአንድ ሚዛን ይጠፋል፤ ማንም ሳይዋሽ። ስለዚህ «ግራሙ ስንት ነው?» ብቻ አይበቃም። «የስንት ካራቱ?» በሉ። የ21ዱን ከነገሯችሁ ለ21 አካፍላችሁ በ18 አባዙት፤ የ18ቱ ይወጣላችኋል።

ማኅተም ማለት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ሊመታው ይችላል። ባለሱቁ ቀለበቱን ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈተገና በጎኑ ካራቱ የታወቀ ወርቅ ፈተገ። ከዚያ አሲድ ጠብ አደረገ። ለዚያ ካራት የተዘጋጀው አሲድ መስመሩን ካጠፋው ወርቁ ከዚያ በታች ነው። በዚህ ዘዴ 18ን ከ21 መለየት ይቻላል፤ 740ን ከ750 ግን አይለይም።

ከባዱ ቀለበት ድሮ ለጣት ስለጠበበ ተቆርጦ የተበየደ ነው። የብየዳ ወርቅ ከቀለበቱ ቀድሞ እንዲቀልጥ ተብሎ ብዙ ጊዜ ካራቱ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የተፈተገው ልክ ብየዳው ላይ ነበርና ከ18 በታች አሳየ። «በሌላኛው ጎን ይሞክሩት» ስለው 18 ሆኖ ወጣ።

የአዲሱን የእጅ ዋጋ ለብቻው አስጻፍኩ። ነገ ብንሸጠው የሚመለሰው የወርቁ እንጂ የእጁ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ግራሙም ካራቱም ሰፍሯል።