«ከላይ ባለው ፎቶ ላይ…» ፎቶው ግን የለም

ኤሌክትሮኒክስ ለሚጀምሩ ልጆች በጽሑፍ ጥያቄ መመለስ ከጀመርኩ አምስተኛ ወር ሆኖኛል። እስካሁን በጣም ያስቸገረኝ ስሌቱ አይደለም። ፎቶው ከጠፋ በኋላ ስለ ፎቶው የሚመጣው ጥያቄ ነው።

አንዱ ልጅ የሠራውን ሰርኪዩት ፎቶ ላከልኝ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ፣ ሁለት ሬዚስተር። አየሁት፣ «ትክክል ነው» ብዬ መለስኩ። ከአራት ቀን በኋላ «ከላይ ባለው ፎቶ በግራ ያለው ሬዚስተር ጠፋብኝ፤ በ10 ኪሎ ኦም ልተካው?» አለኝ። ወደ ላይ ስወጣ ፎቶው የለም። መልእክቶቹ በራሳቸው እንዲጠፉ ሰዓት ሞልቶላቸው ነበር። እኔ ደግሞ አስታውሳለሁ ባይ ነኝ! በግራ ያለው ቤዝ ከሚባለው የትራንዚስተሩ እግር ጋር የተያያዘው 47 ኪሎ ኦም መስሎኝ «ይሆናል» አልኩት። ቤዙ ላይ ቢሆን እውነትም ችግር አልነበረውም።

ማታ «ኤልኢዲው ጭል ጭል ይላል» ብሎ ጻፈልኝ። ለካ የጠፋበት የኤልኢዲው 470 ኦም ነበር። በ470 ኦም ወደ 14 ሚሊ አምፔር ያልፋል፣ በ10 ኪሎ ኦም ግን 1 እንኳን አይሞላም። ደግነቱ የተቃጠለ ነገር የለም።

በማግስቱ «ፎቶውን ድጋሚ ላክልኝ» አልኩት። ይሄም አላዋጣም። ሰሌዳውን አዙሮ ነው ያነሳው፤ ግራው ቀኝ ሆኗል። በዚያ ላይ አራት ቀን ሲነካካው ስለከረመ አዲሱ ፎቶ የድሮው አይደለም። ሬዚስተሮቹን በላያቸው ባሉት የቀለም መስመሮች ልለይ ብል ደግሞ 470 ኦም ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡኒ ነው፤ 47 ኪሎ ኦም ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ። ልዩነታቸው ሦስተኛዋ መስመር ብቻ ናት። በቢጫ አምፖል ስር ቡኒና ብርቱካናማን መለየት ለእኔም ይከብደኛል።

አሁን መጀመሪያ «ፎቶው አሁን አይታየኝም» እላለሁ። ቀጥዬ ያለ ፎቶ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «የሬዚስተሩ አንዱ እግር የት ነው የተሰካው?» ሰው ግራና ቀኝን ይስታል እንጂ ሽቦው የት እንደገባ በጣቱ ተከትሎ ማየት ይችላል። መልሱን እስኪሰጠኝ እንዳይቆም ሁለቱንም እጽፍለታለሁ፦ «ወደ ኤልኢዲው ከሄደ 10 ኪሎ አታድርግ፣ ወደ ቤዙ ከሄደ ግን ይሆናል።»

ሌላው ለውጥ ፎቶው ገና ሳለ የሚሠራ ነው። «ትክክል ነው» ብቻ ብዬ አልመልስም። «470 ኦሙ ከኤልኢዲው ጋር፣ 47 ኪሎው ከቤዙ ጋር ነው፤ ትክክል ነው» እላለሁ። ቻቱ ሰዓት ከተሞላለት የእኔም ጽሑፍ አብሮ ስለሚጠፋ ያቺን አንድ መስመር ደብተሬ ላይም እገለብጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ልጅ «ከላይ ያለው ፎቶ» ብሎ ሲመጣ ፎቶው አልነበረም፤ መስመሯን ከደብተሬ አውጥቼ መለስኩለት።