ከሾፌሩ ወንበር ሲታይ

አለቃዬ የደወለልኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነው። የአስጎብኚ ድርጅታችን አምስት እንግዶች ቦሌ ኤርፖርት ወርደው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ውጭ ቆመዋል፤ መኪና የለም። ወሬው እሱ ጋ የደረሰው ዞሮ ዞሮ ነው። የቡድኑ መሪ መጀመሪያ ወረቀቷ ላይ ባለው የቢሯችን ስልክ ደወለች። በዚያ ሰዓት ማን ያነሳል? ከዚያ አገሯ ላለው ወኪል ደወለች፤ ወኪሉ ለአለቃዬ፣ አለቃዬ ለእኔ። የሾፌሩ ስልክ ዝግ ነው።

ሌላ መኪና ፈልገን ላክን። እንግዶቹ ሆቴል ገብተው ሲተኙ 10 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሾፌሩ በሥራው የሚታማ ሰው አይደለም። ከተማዋን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ ቢሮ ደርሰው ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «አንብቢው እስቲ ልጄ፣ እኔ የት ላይ ነው የሳትኩት?»

ከውጭ የመጣው የጉዞ መርሐ ግብር «ረቡዕ፣ ማርች 12፣ 00:55» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ለሾፌር ስትገለብጠው «ረቡዕ፣ መጋቢት 3፣ ከሌሊቱ 6:55» አለችው። ቀኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ሰው የረቡዕ ሌሊት የሚመጣው ረቡዕ ውሎ ከመሸ በኋላ ነው። ጋሼም ማክሰኞ ማታ ስልካቸውን ዘግተው በሰላም ተኙ። ለነገ ሌሊት ነዋ የተዘጋጁት!

ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ለሚያርፍ አውሮፕላን አሁን የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «ማክሰኞ አምሽተው ይወጣሉ። ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:55 አውሮፕላኑ ያርፋል። 7:15 መኪና ማቆሚያው ጋ ይሁኑ። እንግዶቹ ከ7:45 እስከ 8:30 ይወጣሉ።» ከቤት የሚወጡበት ቀን መጀመሪያ ይጻፋል። አውሮፕላኑ የሚያርፍበትና እንግዳው የሚወጣበት ሰዓትም ለየብቻ ይቀመጣል። ቪዛና ሻንጣ ጊዜ ይበላል፤ ሾፌር ደግሞ ወደ ውስጥ አይገባም። የሾፌሩ ወረቀት ላይ የፈረንጅ ሰዓት ጭራሽ አይገባም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። እኔ አልስማማበትም፤ በሩጫ መሃል ዓይን የሚያርፈው የማይፈለገው ላይ ነው። የፈረንጁ ሰዓት አስጎብኚው እጅ ላይ ይቀመጥ።

ያን ጠዋት ግን ከሌሊቱ ይልቅ ያሳሰበን የቀኑ ወረቀት ነው። መርሐ ግብሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንጦጦ፣ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም፣ 7 ሰዓት ምሳ፣ 8 ሰዓት ሥላሴ ካቴድራል፣ 9:30 መርካቶ ይላል። ለሾፌሩ የተሰጠውም ይኸው ነው፤ ቃል በቃል። ማኪያቶ አዘዝኩ። ጋሼ የሁዳዴ ጾም ስለሆነ አልጠጡም። ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ አየነው።

ሥላሴ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «8 ሰዓት? ቅዳሴ ላይ ልታስገቢያቸው ነው?» በሁዳዴ በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ውጭ አገር ሆኖ መርሐ ግብሩን የሠራው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሥላሴን ወደ 9:30 ገፋነው። እንግዶቹ ከሁለት ቀን በኋላ ከላሊበላ ስለሚመለሱ መርካቶን ለዚያን ቀን አስቀመጥነው። እንቅልፍ ስላነሳቸውም መነሻውን 4 ሰዓት አደረግነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል፤ ሌሊት የገባ ሰው በጠዋት ሲወጣበት ራሱን ሊያመው ይችላል። ይህን ሁሉ በራሴ አልቀየርኩም፤ ለወኪሉ ጽፌ፣ የቡድኑን መሪ ጠይቄ ነው።

ከዚያ የእንግዶቹ ሁኔታ መጣ። መርሐ ግብሩ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር አለ፦ አንዷ እንግዳ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። የሾፌሩ ወረቀት ላይም እንዲሁ ተገልብጧል። ሾፌር ግን ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? «እና እኔ ምን ላርግ?» አሉኝ ጋሼም።

ስለዚህ ሕመሙን ትተን ሥራውን ጻፍን። ለከዘራዋ እንግዳ፦ «ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። የሚኒባሱ መርገጫ ከፍ ስለሚል በርጩማ ይያዙ። ሙዚየሙ ጋ በሩ በግቢው በኩል እስኪሆን አይክፈቱ፤ አስፋልት አያሻግሯቸው።» ሉሲ ያለችው ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃ መውረድና መውጣት አለ። ለሙዚየሙ 20 ደቂቃ ጨመርን።

ለስኳር ሕመምተኛው፦ «ምሳ ከ7 ሰዓት እንዳያልፍ። ከእንጦጦ ስትወርዱ መንገድ ከተዘጋጋ 6:30 ላይ ለአስጎብኚው ይንገሩ፤ ሙዚየሙ ይቆይና ምሳ ይቀድማል። ሰማያዊዋ ቦርሳ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትቅር።» የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ግን ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። መጋቢት ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ ሚኒባስ ምን ያህል እንደሚግል የገባበት ያውቀዋል። እንግዳው «ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ልተወው?» ሲሉ መልስ የሚሰጣቸው በሩ ላይ ያለው ሾፌር ነው።

ስልኮቹን ደግሞ በችግር ዓይነት ደረደርናቸው። መንገድ ከተዘጋ ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ከዘገዩ አስጎብኚው ጋ። ትራፊክ ፖሊስ ከያዛቸው ወይም መኪናው ከተበላሸ እኔ ጋ። እንግዳ ከታመመ አስጎብኚውም እኔም። እኔ ካላነሳሁ የሚደወልለት ተተኪ ስልክ ከሥሩ አለ። እንግዶቹ ወረቀት ላይ ደግሞ የቢሮው ስልክ ተነሥቶ ሌሊት የሚያነሳ ሰው ቁጥር ገባ። የኤርፖርቱን ዋይፋይ ብቻ ይዞ የቆመ ሰው ስላለ ዋትሳፕ ያለው ስልክ መሆኑንም አረጋገጥን።

የቀረው የጋሼ ምግብ ነበር። ይሄንን መርሐ ግብር አይጽፈውም። እንግዶቹ 7 ሰዓት ሲበሉ እሳቸው አይበሉም፤ ጾመኛ ናቸው። ሥላሴ 9:30 ሲገቡ አስጎብኚው ለአንድ ሰዓት ይይዛቸዋል። ያቺን ሰዓት «የሾፌር ምሳ» ብለን ጻፍናት። 10:20 ከበሩ ተመልሰው መቆም አለባቸው።

ወደ ሥላሴ 9:20 ሲደርሱ ምእመናኑ ገና እየወጡ ነበር። አስጎብኚው እንግዶቹን ጥላው ሥር አስቀምጦ ጫማ ማውለቅ እንዳለባቸው ነገራቸው። ጋሼ በርጩማዋን ከመኪናው አውርደው ለከዘራዋ እንግዳ ሰጧቸው። እሳቸውም ተቀምጠውባት ጫማቸውን ፈቱ። በማግስቱ ጋሼ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈውበታል፦ «ለመርካቶም በርጩማ ይያዝ።»