ውሉ በእኔ ስም፣ ወጪው የአራታችን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የኪራይ ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ውሉ ደግሞ መብራትና ውኃ የሚከፍለው ተከራይ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የኢንተርኔት መስመሩም በእኔ መታወቂያ የወጣ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዷ ስትዘገይ አከራያችን የሚጠሩት እኔን ነው። “ልጄ፣ የመብራቱ ነገር እንዴት ሆነ?” ሲሉኝ “የእኔን ድርሻ ከፍያለሁ” ብላቸው ውሉ አይደግፈኝም። ለእሳቸው ሙሉውን ዕዳ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ ዕዳ ያለባቸው ለእኔ እንጂ ለእሳቸው አይደለም።

ችግሩን ለመፍታት መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ “ለምን ትዘገያላችሁ?” የሚል አልነበረም። “ደመወዛችሁ መቼ ይገባል?” ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ብዙውን ነገር ገለጠልኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ የመንግሥት ደመወዝ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ፋብሪካ የምትሠራው ጓደኛችን የሚከፈላት ግን በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው፤ ይህም በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ባለው ቀን ላይ ይውላል። ሆቴል የምትሠራው በየአሥራ አምስት ቀኑ ትቀበላለች። አራተኛዋ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፤ ገንዘቧን የምታገኘው ባለሱቆቹ ሲከፍሏት ነው። ለእነዚህ አራት ኪሶች አንድ የመክፈያ ቀን ብንቆርጥ በየወሩ ቢያንስ አንዷ መዘግየቷ አይቀርም። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የሂሳቡን ቀንና የእያንዳንዳችንን የመክፈያ ቀን ለያየናቸው። እያንዳንዳችን የአንድ ወር ድርሻችንን የሚያህል መያዣ አስቀድመን አዋጣን። ሂሳብ ሲመጣ የሚከፈለው ከመያዣው ነው፤ ከዚያ እያንዳንዷ ገቢዋ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ የጎደለውን ትተካለች። እንጀራ ጋጋሪዋ ቋሚ ቀን ስለሌላት በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንድትተካ ተስማማን። ገንዘቡን የምይዘው እኔ አይደለሁም። ፋብሪካ የምትሠራው ትይዘዋለች፣ እኔ ሂሳቡን እከፍላለሁ፣ ደረሰኙን ወዲያው በቴሌግራም ለአራታችን እልካለሁ። ስሟ ውል ላይ ያለው ሰው ገንዘቡንም መዝገቡንም ብቻዋን ስትይዝ ሌሎቹ ስንት እንደተከፈለ የሚያውቁት ከእሷ አፍ ብቻ ይሆናል፤ እሷም ስትጠይቅ እንደ ለማኝ ወይም እንደ አለቃ ትታያለች። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

የሚቀጥለው ጥያቄ “ድርሻ ስንት ነው?” የሚለው ነበር። ኢንተርኔትን ለአራት እኩል መካፈል አላከራከረንም፤ ክፍያው ብዙ ተጠቀምሽ ትንሽ ተጠቀምሽ አይለወጥም። ውኃም ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ እኩል ተውነው። ያጨቃጨቀን መብራት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ የእኛው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ለቤታችን የሚጋገረውን እንጀራ ሁላችንም እንበላለን፤ ለሱቅ የሚጋገረው ግን የአንዷ ንግድ ነው። በሌላ በኩል ለንግድ የሚሄደውን በግምት ብንጥልባት በደል ይሆናል። ስለዚህ ቆጣሪውን ራሱን ጠየቅነው። ጓደኛችን ለሱቅ መጋገር ከመጀመሯ በፊት ሌላው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍን፤ ጋግራ ስትጨርስ እንደገና ጻፍን። ወደ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጋገራ ልዩነቱ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ። እሷም ቁጥሩን አብራን ስላነበበች ያለ ክርክር ተቀበለችው።

ለስሌት እንዲቀል በተጠጋጉ ቁጥሮች አንድ ወር ላሳይ። መብራት 320 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥሮ 960 ብር መጣ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለውም የሚጨምር ነው። ታዲያ ቤቱን ወደ ውዱ ደረጃ ያሳለፈችው ማን ናት? ይህን ክርክር ሆን ብለን ዘጋነው። ከአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ውስጥ ቀድማ የተጠቀመችና ኋላ የተጠቀመች ብሎ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ 960ን ለ320 አካፍለን በአማካይ 3 ብር ያዝን። በወሩ ለሱቅ ስምንት ጊዜ ስለተጋገረ 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለትም 240 ብር የጋጋሪዋ ነው። የቀረው 720 ብር ለአራት ሲካፈል 180 ይደርሳል። እሷ 420፣ ሌሎቻችን 180 ማለት ነው። እኩል ብንካፈል ኖሮ ሁላችንም 240 እንከፍል ነበር። ኢንተርኔት 1,000 ብርና ውኃ 240 ብር ሲጨመር የእኛ የእያንዳንዳችን ድርሻ 490፣ የእሷ 730 ሆነ። መያዣውን ከዚህ ተነሥተን ለእኛ 500፣ ለእሷ 750 አደረግን። ድምሩ 2,250 ብር ነው፤ የወሩን 2,200 ይሸፍናል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ገላ መታጠቢያ ውኃ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ሌላው ጥያቄ ነበር። ሁላችንም ስለምናሞቅ ግን አልለካነውም። ልኬት የሚያስፈልገው አንዷ ከሌሎቹ በግልጽ የተለየ ጥቅም ስታገኝ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ሻይ ላይ ቆጣሪ ማንበብ ከጀመርን አብሮ መኖሩ ራሱ ይመረናል።

መያዣው የማይፈታው ነገርም አለ። የመያዣ ትርጉም አንድ ወር መዘግየት ማንንም አይጎዳም ማለት ነው፤ ሁለተኛ ወር ግን የሚበላው የሌሎቹን ገንዘብ ነው። ስለዚህ የአንዷ መያዣ ሳይተካ ቀጣዩ ሂሳብ ከመጣ ዝም ብለን አናልፍም፤ በዚያው ሳምንት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አንድ ጊዜ ሆቴል የምትሠራዋ ደመወዟ ተቋርጦባት ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ነገረችን፤ ዕዳዋን በሦስት ተከታታይ ክፍያ እንድትተካ ጽፈን ተፈራረምን። ይሉኝታ ይዞን ዝም ብንባባል ኖሮ ቅያሜው ከዕዳው ይበልጥ ነበር። መስከረም በተለይ ይከብዳል፤ ዓመት በዓሉና መስቀሉ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሁላችንም መያዣችን ሙሉ መሆኑን እናያለን።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያጣላው አንዷ ስትለቅ ነው። ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ሂሳቡ በግምት ይመጣል፤ በኋላ እውነተኛው ንባብ ሲገባ የተጠራቀመው በአንድ ላይ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ የተጠቀመችው ሄዳለች፤ ውሉ ላይ ያለው ስም ግን አልሄደም። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር የቆጣሪውን ፎቶ አንሥተን እናስቀምጣለን፤ የመጣው ሂሳብ ላይ ያለው ንባብ ከፎቶው በብዙ ካነሰ ቀሪው ገና እንደሚመጣ እናውቃለን። ሆቴል የምትሠራዋ ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር በወጣችበት ቀን ቆጣሪውን አብረን አነበብን፤ መያዣዋን ግን ወዲያው አልመለስንላትም። እስከዚያ ቁጥር ያለው ሂሳብ ሲመጣ የእሷ ድርሻ 310 ብር ሆነ፤ ከ500 የተረፈውን 190 ብር በቴሌብር ላክንላት፣ ከሂሳቡና ከቆጣሪው ፎቶ ጋር። በምትኩ የመጣችው ነርስም ቁልፍ የተቀበለችው መያዣዋን አስገብታ ስምምነቱን ከፈረመች በኋላ ነው።