ዕድገትን ስናበስር ከረቂቁ የማወጣቸው ቃላት

በመሥሪያ ቤታችን የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያዎችን የማረቀው እኔ ነኝ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ስም፣ አዲስ መደብ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግን ከአንባቢዎቹ መካከል ለዚያው መደብ ተወዳድረው ያላለፉ ሰዎች አሉ። እነሱ ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ደጋግመው ነው የሚያነቡት። ሰሞኑን የሠራሁበትን አንድ ረቂቅ ላካፍላችሁ።

የደንበኞች አገልግሎት ቡድን መሪነት መደብ በውስጥ ማስታወቂያ ወጥቶ ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ፤ አንዷ አለፈች። የክፍሉ ኃላፊ የላከልኝ ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጎኔ ያልተለየችው ታማኝና ታታሪ ባልደረባችን፣ ከሁሉም ተወዳዳሪዎች በላቀ ብቃት የቡድን መሪ ሆና ተመርጣለች። ዕድገቱ በእርግጥም ይገባታል።»

ሰውየው በቅን ልቦና ነው የጻፈው። ግን «ከጎኔ ያልተለየችው» የሚነግረን ከአለቃዋ ጋር ያላትን ቅርበት እንጂ ሥራዋን አይደለም። አንባቢው «አሃ፣ የራሱ ሰው ናት» ቢል አይፈረድበትም። «ታማኝ» ሲባልም ሌሎቹስ ምን ሊባሉ ነው? «ከሁሉም ተወዳዳሪዎች በላቀ» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ የተበለጡት ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። «በእርግጥም ይገባታል» የምትለዋ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ትመልሳለች። እንዲህ ያለ መሐላ ሲበዛ ጥርጣሬን ይጠራል።

ኃላፊውን «ምን ስለሠራች ነው ያለፈችው?» ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ጎበዝ ናት፣ እያመሸች ትሠራለች» አለኝ። ማምሸቷን ተውኩት፤ ልጅ ለማምጣት በሰዓቱ የሚወጣውን ሰው ሳያስፈልግ ይነካል፤ በመስፈርቱ ውስጥም አልነበረም። ትንሽ ስገፋው ዋናው ነገር ወጣ። ቅሬታዎች ቀድሞ በየሰው ማስታወሻና ኢሜይል ተበታትነው ነበር። እሷ አንድ መዝገብ አዘጋጀች፤ ለእያንዳንዱ ቅሬታ ኃላፊነት የሚወስድ ሰውና ቀነ ገደብ አስገባችበት። መልስ ለመስጠት 5 ቀን ይፈጅ የነበረው 2 ቀን ሆነ።

እዚህ ላይ ግሱ ላይ ቆም አልኩ። «የምላሽ ጊዜውን ቀነሰች» ብል መዝገቡን በየቀኑ የሚሞሉት ባልደረቦቿ ይናደዳሉ፤ ልክም ናቸው። የነደፈችው እሷ ናት፤ ሥራ ላይ ያዋሉት ግን አብረው ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ሁለት ግስ ሰጠኋቸው፦

«በውስጥ ማስታወቂያ ለወጣው የደንበኞች አገልግሎት ቡድን መሪነት መደብ በውድድር ተመርጣለች። ክፍሉ አሁን የሚጠቀምበትን የቅሬታ መዝገብ የነደፈችው እሷ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር ሥራ ላይ ካዋሉት ወዲህ ለአንድ ቅሬታ መልስ ለመስጠት ይፈጅ የነበረው 5 ቀን ወደ 2 ወርዷል። ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ ቡድኑን ትመራለች። የለቀቀችው መደብም በውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል። እንኳን ደስ አለሽ!»

«በውስጥ ማስታወቂያ» እና «በውድድር» የሚሉት «ሂደቱ ፍጹም ግልጽና ፍትሐዊ ነበር» ከሚለው ረጅም ማስተባበያ ይልቅ ይሠራሉ። ማንም ሊያጣራው የሚችል ነገር ስለሆነ ነው። ውድድር ሳይኖር በቀጥታ የተሾመ ሰው ሲሆን ግን ይህን መጻፍ አይቻልም፤ ያኔ «ተመድቧል» ብሎ የምደባውን ምክንያት መግለጽ ይሻላል። ስለ ለቀቀችው መደብ የምትለዋ መስመርም በትክክል የሚወጣ ከሆነ ብቻ ነው የምትገባው።

ኃላፊው ሌላም ሐሳብ ነበረው፤ «ብቃት ያላቸውን ሌሎች ተወዳዳሪዎች እናመሰግናለን» እንበል አለ። ሲሰማ ደግ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ግን ጣት እንደመቀሰር ነው። ምስጋናው በአካል፣ ለየብቻ፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት እንዲደርሳቸው ተስማማን። ያላለፉበትን ምክንያትም ያኔ ከመስፈርቱ ጋር ይነግራቸዋል።

ጥንቃቄው ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ወደ መደቡ ተዛውራለች» ብቻ ብንል፣ ባለፈው ለሌላ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ የጻፍን እንደሆነ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ አዲሱን ረቂቅ ከቀደሙት አጠገብ አድርጌ አያለሁ። በተለይ ወንዶቹን «መራ፣ ነደፈ» ብለን ሴቶቹን «ትሑት፣ ተግባቢ» ብለን እንዳናልፍ። ርዝመቱም ተቀራራቢ እንዲሆን እሞክራለሁ። ሌላው መፈተኛዬ ስሙን መቀየር ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የሌላ ሰው ስም ቢገባበትም የሚሄድ ከሆነ አወጣዋለሁ። «ታታሪ» የምትለው ቃል ይህን ፈተና አልፋ አታውቅም።

አሁን ያላሸነፍኩት የቃል ንግግሩን ነው። ጽሑፉ ተስተካክሎ ይወጣል፤ ከዚያ አለቃው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እኔ ገና ከጅምሩ አውቄአት ነበር!» ይላል። ለሚቀጥለው መዝገቧንና ሁለቱን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፌ ልሰጠው አስቤያለሁ። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።