የኤታኖል ቃጠሎ፦ በስሌቱና በሠንጠረዡ መካከል ያለው 96 ኪሎጁል

ጅማ ውስጥ የመሰናዶ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና፣ የቃጠሎ ኤንታልፒን ከትስስር ኤንታልፒ አስልተን ከሠንጠረዥ ጋር ስናነጻጽር በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «መምህር፣ ስሌቱ ልክ ከሆነ ሠንጠረዡ ለምን ሌላ ቁጥር ይሰጣል?» «ግምት ስለሆነ ነው» ማለት እውነት ነው፤ ግን አያጠግብም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በኪሎጁል ለይቶ ማሳየት ይቻላልና አንድ ቀን በቤተ ሙከራ መብራት ውስጥ የሚነደውን ኤታኖል ይዤ ከተማሪዎቼ ጋር ሰሌዳው ላይ እስከ መጨረሻው ሠራነው።

C₂H₅OH + 3O₂ → 2CO₂ + 3H₂O

መጀመሪያ የሞለኪውሎቹን ቅርጽ ሣልን፤ ቀመሩን ብቻ እያዩ ትስስር መቁጠር ያሳስታል። የሚበጠሱት፣ በቅንፍ ካለው የትስስር ኤንታልፒያቸው ጋር፣ አምስት C–H (413)፣ አንድ C–C (347)፣ አንድ C–O (358)፣ አንድ O–H (463) እና ሦስት O=O (498) ናቸው፤ ድምራቸው 4727 ኪሎጁል። የሚፈጠሩት አራት C=O (805) እና ስድስት O–H ሲሆኑ ድምራቸው 5998 ነው። ከተበጠሱት የተፈጠሩትን ስንቀንስ −1271 ኪሎጁል በሞል አገኘን። ሠንጠረዡ ግን −1367 ይላል። ልዩነቱ 96 ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ «አማካይ ቁጥር ስለተጠቀምን ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ንጥረ ነገሮቹ ጋዝ ናቸው ወይስ ፈሳሽ የሚለውን ነው። የትስስር ኤንታልፒ የሚያውቀው ጋዝን ብቻ ሲሆን የሠንጠረዡ ኤታኖልና ውሃ ግን በ25 ዲግሪ ፈሳሽ ናቸው። አንድ ሞል ኤታኖል ለመትነን 42 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ሦስት ሞል የውሃ ተን ፈሳሽ ሲሆን 132 ይለቅቃል። ሁለቱን ስናስገባ ግምታችን −1361 ሆነ። ከ96ቱ የቀረው 6 ብቻ ነው።

የአማካይ ጉዳይ የሚመጣው ለዚህ ቀሪ ነው። ሚቴንን እንይ፦ አራቱን ሃይድሮጂኖች አንድ በአንድ ለመንቀል 439፣ 462፣ 424 እና 338 ኪሎጁል ይፈጃል። አማካዩ 416 ነው፤ ከአራቱ ግን አንዱም 416 አይደለም። የእኛ 413 ደግሞ ከብዙ ውህዶች የተውጣጣ ነው። ቀሪው 6 ብቻ የሆነው ስህተቶቹ በከፊል እርስ በርስ ስለተጠፋፉ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላው ቀመር ላይም እንዲሁ ይቀርባል ብዬ ቃል አልገባም።

የC=O ቁጥር ሲመረጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለኪቶኖች የሚሰጠው 745 ገደማ ነው። እሱን ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ብንጠቀም ውጤቱ −1031 ይሆናል፤ 240 ኪሎጁል በአንድ ምርጫ ይጠፋል። የፈሳሽና የጋዙን እርማት ካስገባሁ በኋላም ቀሪው በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ምንም ያህል ብንጠነቀቅ ዘዴው የማያየው ነገርም አለ። ቡቴንና አይሶቡቴን ሁለቱም ሦስት C–C እና አሥር C–H ስላላቸው ስሌቱ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣቸዋል፤ በሠንጠረዡ ግን የምሥረታ ኤንታልፒያቸው በ8 ኪሎጁል ገደማ ይለያያል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ትስስር መቁጠሩን ትቼ በቀጥታ ወደ ምሥረታ ኤንታልፒ ሠንጠረዥ እሄዳለሁ።