የብሬክ ኢቨን ስሌቱን ከዜሮ ሳሰላው

አንድ ወዳጄ ለብድር የሚያቀርበውን ቢዝነስ ፕላን «ከማስገባቴ በፊት እስቲ አንዴ እየው» ብሎ ሰጠኝ። ሽፋኑም ቻርቱም ያምራል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰነድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ሦስት ቁጥር ነው፦ የወሩ ቋሚ ወጪ፣ ከአንድ ዕቃ ሽያጭ የሚተርፈው፣ በወር ይሸጣል የተባለው ብዛት።

ቋሚ ወጪው 180,000 ነው። ዕቃው በ150 ይሸጣል፤ ጥሬ ዕቃና ማሸጊያው 90 ይፈጃል። ከአንዱ 60 ይተርፋል ማለት ነው። ፕላኑ «በወር 3,600 እንሸጣለን፣ 1,200 ላይ ግን ወጪያችንን እንሸፍናለን» ይላል። ብሬክ ኢቨን የሚባለው ይህ ነው፤ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት የሽያጭ ብዛት።

1,200 ከየት መጣ? ትንሽ ፈለግሁት። 180,000 ለ150 ሲካፈል ቁጭ አለ። ለመሸጫ ዋጋው አካፍለውታል። ከ150ው ውስጥ 90ው ግን ለአቅራቢው የሚሄድ ነው፤ ኪራይና ደመወዝ የሚችለው የቀረው 60 ብቻ ነው። ትክክለኛው ስሌት 180,000 ሲካፈል ለ60፣ 3,000 ነው። ለማረጋገጥ መልሱን ወደ ኋላ መክተት ይበቃል፦ 1,200 ዕቃ በ60 ሲባዛ 72,000 ይሆናል። ቋሚ ወጪውን ለመሸፈን 108,000 ይጎድላል።

ያም ሆኖ 3,600 ከ3,000 ይበልጣል። ወዳጄም «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግሩ ቋሚ የተባለው ወጪ ሙሉ አለመሆኑ ነው። የብሬክ ኢቨን ገጹን ብቻ የሚያነብ ይህን አያገኘውም። የብድር ምዕራፉ ላይ በወር 30,000 ወለድ አለ፤ ስሌቱ ውስጥ አልገባም። (ዋናው ብድር ሲመለስ እንደ ወጪ ስለማይቆጠር እኔም አላስገባሁትም፤ ጥሬ ገንዘቡ ግን ከካዝና መውጣቱ አይቀርም፤ እሱ ለብቻው መታየት አለበት።) የሽያጭ ምዕራፉ ደግሞ ለወኪሎች ከዋጋው 5 በመቶ ኮሚሽን ይከፈላል ይላል። ይህ በየዕቃው 7.50 ነው። ከአንዱ የሚተርፈው ወደ 52.50 ወረደ፣ ቋሚ ወጪው ወደ 210,000 ወጣ። ሲካፈሉ 4,000።

አሁን ነገሩ ተገለበጠ። በራሱ ፕላን መሠረት 3,600 ሸጦ በወር 21,000 ይከስራል። ያውም 3,600ው የመጀመሪያው ወር ሽያጭ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ላይ ሲታይ እዚያ የሚደረሰው በስድስተኛው ወር ነው።

«ብዛቱን 4,200 ላድርገው?» አለኝ። እሱን አልወደድኩትም፤ ቁጥሩን ለመልሱ ሲባል መቀየር ነው። ይልቅ 3,600ውን ሳንነካ ስንት መትረፍ እንዳለበት አሰላን። 210,000 ለ3,600 ሲካፈል 58.33 ገደማ ነው። ዛሬ ካለው 5.83 ይጎድላል። ዋጋው ላይ 5.83 ብቻ መጨመር ግን አይበቃም፤ ከጭማሪውም ኮሚሽኑ 5 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ ዋጋው ቢያንስ 156.14 መድረስ አለበት፤ ያም ሆኖ በዚያ ዋጋ ትርፍ የለም፣ ኪሳራው ብቻ ነው የሚቆመው።